ለሱቅ ሁለተኛ ቁጥር፦ የሥራን ጥሪ ከቤት ጥሪ መለየት



ለእረፍት ወደ ቤት ስንመለስ ብዙዎቻችንን አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል፦ «ኮምፒውተር ተምረሃል አይደል? እስቲ ይቺን ስልክ እያት።» ባለፈው እረፍት ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን ከእናቱ የቀረበለት ጥያቄ ግን ከዚህ ጠጠር ያለ ነበር። እናቱ በደባይ ጥላትግን ወረዳ በቁይ ከተማ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና ጨርቅ የሚሸጡባት አነስተኛ ሱቅ አለቻቸው። ስልካቸው አንድ፣ ቁጥራቸውም አንድ ነው። ቁጥሩ በሱቁ በር ላይ በቀለም ተጽፏል፤ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ያሉ ደንበኞችም ሁሉ ይዘውታል።

ገጠር ያለ ደንበኛ «እትዬ፣ ዘይቱ ገባ?» ብሎ የሚደውለው ለገበያ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ሌሊት 10 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሌላው ከሥራ ሲመለስ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይደውላል። እናታችን ይህ ሲበዛባቸው ማታ ማታ ስልኩን ድምፅ አልባ ማድረግ ጀመሩ። ከእለታት አንድ ቀን ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው ሌሊት ምጥ ይዟት ሆስፒታል ስትገባ ባሏ ሰባት ጊዜ ደውሎ አላገኛቸውም። ጥሪውን ያዩት ሱብሒ ሰግደው ስልኩን ሲያነሱ ነው። አልሐምዱሊላህ ልጅቱ በሰላም ተገላግላለች፤ እናትየው ግን ያቺን ሌሊት አልረሷትም። ለልጃቸው ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «የሱቁ ስልክ ይተኛ፣ የልጆቼ ስልክ አይተኛ።»

እኛም ለዚህ መላ ለመፈለግ ተቀመጥን። የተሳሳትንበትም ያስተካከልንበትም መንገድ ሱቅ ወይም ሌላ አነስተኛ ሥራ ላለው ቤተሰብ ሁሉ ስለሚሆን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ሲም የሌለው ቁጥር ምንድን ነው?

መጀመሪያ ያሰብነው ብዙ ሰው ቨርቹዋል ቁጥር የሚለውን ነበር። ተራ ቁጥር ከአንድ ሲም ጋር የታሰረ ነው። ቨርቹዋል ቁጥር ግን የራሱ ሲም የለውም። ቁጥሩ ያለው በአንድ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሰው ሲደውልበት ኮምፒውተሩ ጥሪውን ተቀብሎ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ወደ አንድ ስልክ ወይም መተግበሪያ ይመራዋል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ወደዚህ ስልክ፣ ከዚያ በኋላ ወደ የትም» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። አሜሪካ ያለ ባለ ሱቅ ጉግል ቮይስ በሚባለው አገልግሎት ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ያዘጋጃል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቁይ ላይ ግን ሦስት ነገር ያሰናክለዋል።

አንደኛው የቁጥሩ አገር ነው። በኢንተርኔት የሚከራዩት እነዚህ ቁጥሮች ብዙውን ጊዜ በ+1 ወይም በ+44 የሚጀምሩ የውጭ ቁጥሮች ናቸው። ወደዚህ ቁጥር የሚደውል የቁይ ገበሬ የሚቆረጥበት የዓለም አቀፍ ጥሪ ዋጋ ነው። ዘይት ገባ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ያን ያህል የሚከፍል የለም። ከዚያም በላይ እንዲህ ያለ ቁጥር በሱቅ በር ላይ ቢጻፍ ደንበኛው የማጭበርበሪያ ቁጥር ይመስለዋል።

ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። ጥሪው ወደ መተግበሪያ የሚመጣ ከሆነ ዳታ ከሌለ ስልኩ አይጮኽም። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ተራ ጥሪ በሚሠራባቸው ቀናት እንኳ በዳታ የሚሠራ ቁጥር የያዘ ሱቅ ዝም ይላል።

ሦስተኛው የቁጥሩ ባለቤትነት ነው። የተከራዩት ቁጥር ኪራዩ ሲያልቅ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ በዚያ ቁጥር የተከፈተ የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ አካውንትም አብሮ ሊሄድ ይችላል። አገልግሎቱ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስካይፕ ለዓመታት የስልክ ቁጥር ሲያከራይ ቆይቶ በሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። በሱቅ በር ላይ የተጻፈ ቁጥር እንዲህ ሊጠፋ አይገባም።

እዚህ ላይ ለኮምፒውተርና ለኤሌክትሪካል ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። «ሲም ካርዱን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተን ጥሪውን በኢንተርኔት እናስተላልፈው» የሚል ሐሳብ የሚመጣባችሁ ትኖራላችሁ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በኢንተርኔት አማካኝነት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ያስቀጣል። ለሱቅ ተብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም።

ትእዛዙ ያለው ኔትወርኩ ላይ ነው

ታዲያ ከቨርቹዋል ቁጥር የምንፈልገው ምን ነበር? ጥሪው በትእዛዝ መሠረት እንዲመራ ነው እንጂ ሲም አለመኖሩ አይደለም። ይህን ደግሞ የሞባይል ኔትወርኩ ራሱ ያለ ኢንተርኔትና ያለ መተግበሪያ ይሠራል። ጥሪ ማስተላለፍ የምንለው ማለት ነው። ለምሳሌ «ይህ ቁጥር ካልተገኘ ጥሪውን ወደዚያኛው ላክ» የሚለው ትእዛዝ የሚቀመጠው በእጃችን ባለው ስልክ ላይ አይደለም፤ በኦፕሬተሩ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ስልኩ ጠፍቶ፣ ባትሪው አልቆ ወይም ሲሙ ወጥቶ እንኳ ትእዛዙ መሥራቱን ይቀጥላል። ይህን አንድ ነጥብ ያዙልን፤ የረዳንም በኋላ ያሳሳተንም እሱ ነው።

በዚህ መሠረት ለሱቁ አዲስ ሲም ወጣ። ሲሙን ያወጡት እናትየው ራሳቸው በመታወቂያቸው ነው። ልጁ «በእኔ ስም ይውጣ» ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ሲም ሲጠፋ ምትክ የሚሰጠው ለተመዘገበው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ካምፓስ ነው። የሱቅ ቁጥር ሱቁን በሚያስተዳድረው ሰው ስም መሆን አለበት።

ሁለቱ ሲሞች ሁለት ሲም በሚይዘው ስልካቸው ውስጥ ገቡ። የድሮው ቁጥር የቤት፣ አዲሱ የሱቅ ሆነ። በSettings ውስጥ ለእያንዳንዱ ሲም ስም ሰጠን፤ የጥሪ ድምፁንም ለየን። ስለዚህ ስልኩ ገና ሲጮኽ፣ ሳያዩት፣ የማን ጥሪ እንደሆነ ያውቃሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ሥራው አላለቀም።

አንዱ ሲም ሲያወራ ሌላው አይሰማም

ሁለት ሲም የሚይዙ አብዛኞቹ ስልኮች ሁለቱንም ሲሞች የሚያገለግሉት በአንድ ሬዲዮ ነው። ስልኩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሬዲዮው ሁለቱንም እየተፈራረቀ ያዳምጣል። በአንደኛው ሲም ወሬ ሲጀመር ግን ሬዲዮው ሙሉ በሙሉ ለዚያ ጥሪ ይያዛል፤ በዚህ ጊዜ ሌላኛው ሲም ለኔትወርኩ እንደጠፋ ነው የሚቆጠረው። የሚደውለው ሰው «ሊያገኙት አልቻሉም» የሚለውን ድምፅ ይሰማል፤ ባለ ስልኩ ደግሞ እንደተደወለለት እንኳ አያውቅም።

ይህን መፈተን ቀላል ነው። በአንዱ ሲም ለጓደኛችሁ ደውላችሁ እያወራችሁ ሳላችሁ ሌላ ሰው በሌላ ስልክ ሁለተኛውን ሲም ይደውልበት። ስልካችሁ ምንም ምልክት ካላሳየ እንዲህ ዓይነት ስልክ ነው የያዛችሁት። በእናታችን ስልክ ስንሞክረው እንዲሁ ሆነ። ይህ ማለት ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ጨርቅ ዋጋ አሥር ደቂቃ ሲነጋገሩ የልጃቸው ጥሪ አሥር ደቂቃ ተዘጋ ማለት ነው። ቁጥሮቹን ለይተን የፈራነውን ነገር መልሰን ልናመጣው ነበር።

መፍትሔው አንዱ ሲም «ሳይገኝ ሲቀር» ጥሪው ወደ ሌላው እንዲሄድ ማዘዝ ነው። ጥሪው ወሬ ወዳለበት ሲም ሲመጣ «ጥሪ መጠበቂያ» የሚባለው አገልግሎት ከበራ በወሬ መሃል ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የደዋዩ ቁጥርም ይታያል። ትእዛዞቹ በዓለም ላይ ባሉ የጂኤስኤም ኔትወርኮች አንድ ዓይነት ናቸው። ከሱቁ ሲም ላይ ይህን ደወልን፦

```
**62*09XXXXXXXX#
*43#
```

በመጀመሪያው መስመር ያለው ቁጥር የቤቱ ቁጥር ነው። ትርጉሙ «የሱቁ ሲም ካልተገኘ ጥሪውን ወደ ቤቱ ቁጥር ላክ» ነው። ሁለተኛው መስመር ጥሪ መጠበቂያን ያበራል። ከዚያ ከቤቱ ሲም ላይ ተመሳሳዩን ደገምን፤ ልዩነቱ በዚህኛው ላይ የገባው የሱቁ ቁጥር መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲላክ ስክሪኑ ላይ መመዝገቡን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። መልእክቱ ስህተት ካሳየ በስልኩ የጥሪ ቅንብር ውስጥ Call forwarding የሚለውን ከፍቶ ቁጥሩን መሙላት ይቻላል። በዚያም እምቢ ካለ የኦፕሬተሩን የደንበኞች አገልግሎት መጠየቅ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው።

እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት ትእዛዙን ከተሳሳተው ሲም መላክ ነው። ትእዛዙ የሚመለከተው የተደወለበትን ሲም ብቻ ነው። ስለዚህ በሱቁ ሲም መሆን ያለበትን በቤቱ ሲም ብትደውሉ የቤቱን ጥሪ ወደ ራሱ ለመላክ እየሞከራችሁ ነው። ስልኩ «በየትኛው ሲም?» ብሎ እንዲጠይቅ ካደረጋችሁት ይህ ስህተት ይቀንሳል። የተመዘገበውን ለማየት ከዚያው ሲም ይህን ደውሉ፦

```
*#62#
```

ስክሪኑ ጥሪው ወደየትኛው ቁጥር እንደሚተላለፍ ይነግራችኋል።

የመጀመሪያው ሌሊት

በዚያ ምሽት እናታችን ሱቁን ዘግተው እቤት ገቡ። ከዒሻ በኋላ ልጁ የሱቁን ሲም ከSettings ላይ አጠፋው። የቤቱ ሲም በርቷል፤ ድምፁም ከፍ ብሏል። «በሉ እማ፣ አሁን በሰላም ተኙ» ብሎ ወደ መኝታው ሄደ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የጮኸው በቤቱ ሲም ድምፅ ነበር። እናትየው ልባቸው ደንግጦ ተነሱ። ደዋዩ ስኳር ፈላጊ ነበር።

ምክንያቱን ያገኘነው ጠዋት ላይ ነው። ለኔትወርኩ «ሌላ ጥሪ ላይ ያለ ሲም»ም፣ «የጠፋ ሲም»ም፣ «ከኔትወርክ ውጭ የሆነ ሲም»ም አንድ ናቸው፤ ሁሉም «አልተገኘም» ነው የሚባሉት። እኛ ቀን ላይ ወሬ መሃል ለሚመጣ ጥሪ ያዘዝነውን ኔትወርኩ ሌሊትም ፈጸመው። ሲሙ ጠፋ፣ ደንበኛው ደወለ፣ ሲሙ አልተገኘም፣ ጥሪው ወደ ቤቱ ቁጥር ሄደ። ቀደም ብለን «ስልኩ ቢጠፋም ትእዛዙ ይሠራል» ያልነው ይኸው ነው። ይባስ ብሎ የተላለፈ ጥሪ ሲመጣ የሚጮኸው በተቀባዩ ሲም ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ለድምፅ የሰጠነው ልዩነትም አልጠቀመንም።

ስለዚህ የሱቁን ሲም ከማጥፋት በፊት ትእዛዙን መሰረዝ ያስፈልጋል፦

```
##62#
```

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ትእዛዙ የሚሰረዘው ከሱቁ ሲም ሲደወል ብቻ ስለሆነ፣ ሲሙ ቀድሞ ከጠፋ መሰረዝ አይቻልም። መጀመሪያ መሰረዝ፣ ቀጥሎ ማጥፋት። ጠዋት ደግሞ መጀመሪያ ማብራት፣ ቀጥሎ **62* የሚለውን ሙሉውን ትእዛዝ መልሶ መመዝገብ።

እናትየው ይህን ኮድ በየቀኑ በእጃቸው እንዲጽፉ መጠበቅ ግን አይሆንም። ልጁ ሁለቱን ኮዶች እንደ ሰው ስም በስልክ ማውጫው ውስጥ መዘገባቸው። አንዱ «ሱቅ ክፈት»፣ ሌላው «ሱቅ ዝጋ» ተባለ። አሁን እናታችን ሱቁን ሲዘጉ «ሱቅ ዝጋ»ን በሱቁ ሲም ይደውላሉ፤ መሰረዙን የሚገልጸው መልእክት ሲመጣ ሲሙን ያጠፋሉ። በአብዛኛው ስልክ ኮድ ከማውጫ ሲደወል ይሠራል፤ አንዳንዱ ስልክ ላይ እምቢ ካለ በወረቀት ጽፎ ከስልኩ ሽፋን ጀርባ ማስቀመጥ ይበቃል።

የቤቱ ሲም ወደ ሱቁ እንዲያስተላልፍ ያዘዝነውን ግን ማታም አንነካውም። የቤቱ ሲም ሌሊቱን በርቶ ስለሚያድር የሚተላለፍ ነገር የለም። ሁለቱም ሲሞች ከኔትወርክ ውጭ ቢሆኑ ጥሪው በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ያድራል ወይ ብለን ሰግተን ነበር፤ ኔትወርኮች አንድ ጥሪ ስንት ጊዜ መተላለፍ እንደሚችል ገደብ ስለሚያደርጉ ጥሪው ይቋረጣል፣ ደዋዩም እንዳልተገኘ ይነገረዋል።

ዕቃ ለማምጣት ሲሄዱ

እናታችን አንዳንዴ ዕቃ ለማምጣት ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የምትቀመጠው ታናሽ ልጃቸው ናት። ደንበኛ የሚጠይቀውን የምታውቀው እሷ ስለሆነች የሱቁ ጥሪ በሙሉ ወደ እሷ ስልክ መሄድ አለበት። ለዚህ የሚሆነው ያለ ምንም ሁኔታ የሚያስተላልፈው ትእዛዝ ነው፤ ሲመለሱ በሁለተኛው መስመር ይሰርዙታል፦

```
**21*09XXXXXXXX#
##21#
```

ይህ ትእዛዝ በሚሠራበት ጊዜ የሱቁ ሲም ከነጭራሹ አይጮኽም። ሳይሰርዙት የረሱት ቀን እናታችን «ዛሬ ገበያው ቀዝቅዟል፣ አንድ ሰው እንኳ አልደወለም» ብለው ዋሉ፤ ጥሪው ሁሉ ትምህርት ቤት ወዳለችው ልጅ ይሄድ ነበር። ስልኩ ያለ ምክንያት ዝም ካለ መጀመሪያ የሚታየው *#21# ነው።

ስለ ወጪውም እንናገር። ደንበኛው ወደ ሱቁ ቁጥር ሲደውል የሚከፍለው እስከ ሱቁ ቁጥር ድረስ ያለውን ነው። ጥሪው ከዚያ ወደ ልጅቱ ሲተላለፍ ያለው ሁለተኛ መንገድ የሚቆረጠው ከሱቁ ሲም ነው። ደንበኛው ሦስት ደቂቃ ቢያወራ ሱቁም የሦስት ደቂቃ ጥሪ እንደደወለ ይቆጠርበታል። ስለዚህ የሱቁ ሲም ሒሳብ ሊኖረው ይገባል፤ ባዶ ከሆነ ጥሪው ላይተላለፍ ይችላል፤ ለምን እንዳልተላለፈም ለባለ ሱቁ የሚነግረው የለም። ቀን በወሬ መሃል የሚተላለፉትም እንዲሁ ናቸው። ሁለቱ ሲሞች የአንድ ኦፕሬተር ቢሆኑ ወጪውን ለመገመት ይቀላል።

የማይተላለፈው፦ መልእክትና ገንዘብ

ጥሪ ማስተላለፍ የሚያስተላልፈው ጥሪ ብቻ ነው። አጭር የጽሑፍ መልእክት አይተላለፍም፤ ሲሙ ባለበት ይቀራል። ይህ በተለይ ለቴሌብር አስፈላጊ ነው። የእናታችን ቴሌብር በድሮው ቁጥር ስለነበር ደንበኛ ዕቃ ገዝቶ ሲከፍል የቤታቸውን ቁጥር ያገኝ ነበር። በር ላይ አዲስ ቁጥር ጽፈን ክፍያውን በድሮው ብንተወው ለደንበኛው የቤቱን ቁጥር በየቀኑ እየሰጠነው ነው። ስለዚህ በሱቁ ሲም ሌላ ቴሌብር ተከፈተ፤ የሱቁ ገንዘብም ከቤት ገንዘብ ጋር መደባለቁ ቀረ። ማታ ሲሙ ጠፍቶ ሳለ የመጣ የክፍያ መልእክት ጠዋት ሲሙ ሲበራ ይገባል።

ነገር ግን የሱቁን ስልክ ሌላ ሰው የሚይዘው ከሆነ የቴሌብሩን የምስጢር ቁጥር ባለቤቱ ብቻ ይወቀው። ስልክ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ካዝና መያዝ ሌላ።

ደንበኛን ወደ አዲሱ ቁጥር ማምጣት

ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ይህ ነበር። የድሮው ቁጥር በመቶ በሚቆጠሩ ስልኮች ውስጥ አለ። በር ላይ ያለውን ቀለም መቀየር ገጠር ያለውን ደንበኛ አይደርሰውም። «አዲሱን ቁጥር ያዝ» ብሎ በቃል መንገርም አልሠራም፤ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ አይደውልም።

የሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ደንበኛ በድሮው ቁጥር ሲደውል እናታችን «ቆይ መልሼ ልደውልልህ» ብለው ይዘጋሉ፤ ከዚያ በሱቁ ሲም ይደውሉለታል። አዲሱ ቁጥር ደንበኛው ስልክ ላይ ገባ። «በዚህ ነው ከእንግዲህ የምታገኘኝ» ይሉታል። የጥሪው ወጪ የሱቁ ነው፤ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው። በሁለት ወር ውስጥ በቤቱ ቁጥር የሚደውል ደንበኛ እጅግ ቀነሰ። እናታችንም ወደ ደንበኛ ሲደውሉ ሁልጊዜ በሱቁ ሲም እንዲሆን መጠንቀቅ ነበረባቸው፤ አንዴ በቤቱ ሲም ከደወሉ ደንበኛው በማግስቱ የሚመልሰው በዚያው ነው።

ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ የሚጠቀም ሱቅ ከሆነ አካውንቱ በሱቁ ቁጥር ይከፈት። ዋትስአፕ ቢዝነስ ከተራው ዋትስአፕ ጎን ለጎን በአንድ ስልክ ላይ ይሠራል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚጽፍ ሰውም በራሱ መልስ ይሰጣል። ይህ ግን ዳታ ሲኖር ተጨማሪ ነው እንጂ የጥሪው ምትክ አይደለም።

አጭበርባሪዎች ይህንኑ ኮድ ያውቁታል

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ ይቀረናል። «ከቴሌ ነው የምንደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ ይህን ቁጥር ይምቱ» ብለው በ**21* የሚጀምር ኮድ የሚያስደውሉ ሌቦች አሉ። ከኮዱ በኋላ ያለው ቁጥር የሌባው ነው። ያ ሰው ኮዱን ሲመታ ጥሪው ሁሉ ወደ ሌባው ይሄዳል፤ በጥሪ የሚነገር የማረጋገጫ ቁጥር ካለም ሌባው ይሰማዋል። ለእናት አባቶቻችን ኮዶቹን ስናስተምር ይህንንም አብረን እንንገራቸው፦ ሌላ ሰው በስልክ እየነገራቸው ኮድ አይምቱ። ጥርጣሬ ካለ ይህ አንድ ኮድ ያለውን ማስተላለፊያ በሙሉ ያጠፋል፦

```
##002#
```

የራሳችንንም ትእዛዞች አብሮ ስለሚያጠፋ ከዚያ በኋላ የእኛን እንደገና መመዝገብ ያስፈልጋል።

ኦፕሬተር ራሱ ሲም የማይፈልግ ሁለተኛ ቁጥር ቢያቀርብላችሁስ? አራት ነገር ጠይቁ። ያለ ዳታ ይጮኻል ወይ? ደንበኛው የሚከፍለው የአገር ውስጥ ዋጋ ነው ወይ? ቴሌብር ለመክፈት የሚያስፈልገውን መልእክት ይቀበላል ወይ? በባለ ሱቁ ስም ይመዘገባል ወይ? አራቱም «አዎ» ከሆኑ ከእኛ መንገድ ይቀላል፤ አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ሁለተኛው ሲም ይሻላል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወንድማችን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እንዲሁ ለመፈተን በሁለቱም ቁጥሮች ደወለ። የሱቁ ቁጥር «ሊያገኙት አልቻሉም» አለ። የቤቱን ሲደውል ገና በሁለተኛው ጩኸት ተነሳ። «ምነው ልጄ፣ ደህና ነህ?» አሉት። «ደህና ነኝ እማ፣ ስልኩን ልሞክር ብዬ ነው።» «በል አትቀስቅሰኝ» ብለው ዘጉበት።